ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ውስጥ ፀጉር ለሚቀባ ሰው ከአራቱ ቀለሞች የቱ ይሻላል?

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጆች። 36 ዓመቴ ነው። ፀጉሬ ጥቁር ነው፤ ሪላክሰር እጠቀማለሁ፣ ከተቀባሁ ሁለት ወር አልፎኛል። ግንባሬ ጠርዝና ከጆሮዬ በላይ ሽበት ጣል ጣል ማለት ጀምሯል። ከሦስት ሳምንት በኋላ እሑድ የእህቴ ሠርግ ስለሆነ ቤቴ ራሴ ልቀባ ብዬ ሱቅ ስገባ ፐርማነንት፣ ዴሚ፣ ሴሚ፣ የአንድ ቀን እያሉ ግራ አጋቡኝ። ሻጩ ‹አሞንያ የሌለውን ውሰጂ፣ ታጥቦ ይለቃል› አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ በውኃ የሚበጠበጠው ዱቄት ነው የማይጎዳው ትላለች። ሽበቱ እንዲሸፈንልኝ፣ ከተቻለም ፀጉሬ ቸኮሌት እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ። ከዚህ በፊት ቀለም ቀብቼ አላውቅም። የቱ ይሻለኛል?»

ውድ ጠያቂያችን፣ ለእርስዎ የሚስማማው ዴሚ-ፐርማነንት ነው። ቁጥር 3 የሚባለውን ጥቁር ቡናማ ይምረጡና ሽበት ባለበት ጠርዝ ላይ ብቻ ይቀቡት። ሽበቱን ይይዝልዎታል። ጥቁሩን ፀጉርዎን ግን ቸኮሌት አያደርገውም። የጠየቁን ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱም አንድ ቀለም ውስጥ አይገኙም። ቸኮሌቱን ለዚህ ሠርግ ባያስቡት ይሻላል የምንልበትን ምክንያት ከታች ያገኙታል።

የፀጉር ዘለላ ላይ ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረበ ስስ ሽፋን የተለበሰ ነው። ፀጉርዎን ጥቁር ያደረገው የተፈጥሮ ቀለም ያለው ከዚያ ሽፋን በታች፣ ውስጠኛው ክፍል ውስጥ ነው። አራቱን የቀለም ዓይነቶች የሚለያያቸው ከዚህ ሽፋን አንጻር የት ድረስ እንደሚገቡና ውስጥ ያለውን የተፈጥሮ ቀለም መንካት አለመንካታቸው ነው።

ጊዜያዊው ቀለም ሽፋኑ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። የሚረጨው፣ እንደ ማስካራ በትንሽ ብሩሽ የሚቀባው፣ ባለቀለም የፀጉር ሰም፣ ሁሉም በአንድ ወይም በሁለት እጥበት ይለቃሉ። ላብ፣ ዝናብና ትራስም ያስለቅቋቸዋል። ለሠርግ ቀን ደግሞ ነጭ ነጠላና ጥልፍ ቀሚስ ላይ የሚተዉት ምልክት ከሽበቱ በላይ ያስጨንቃል። የሚጠቅሙት ለድንገተኛ ነው፤ ማለዳ መስተዋት ፊት አንድ ዘለላ ሽበት ወጣ ብሎ ቢታይዎት ማስካራ መሰሉ ይደብቅልዎታል።

ሴሚ-ፐርማነንት ከቱቦው ወጥቶ እንዳለ የሚቀባ ነው፤ የሚቀላቀልበት ሁለተኛ ጠርሙስ የለውም። ደቃቅ የቀለም ቅንጣቶቹ ሽፋኑ ሥር ጥቂት ገባ ብለው ይቀመጣሉ፤ እንደ ቀለሙና እንደ ፀጉሩ ሁኔታ ከ4 እስከ 12 በሚሆን እጥበት ቀስ በቀስ ይወጣሉ። ፀጉር የማይጎዳ ስለሆነ ብዙ ሰው ጀማሪዎችን ወደዚህ ይመራል፤ ሽበት የሌለው ሰው ቢጠይቀን እኛም ያንኑ እንል ነበር። ሽበት ባለበት ፀጉር ላይ ግን አንድ ችግር አለ። የወይን ጠጅ መልክ ያለውን ሴሚ ጥቁር ፀጉር ላይ ቢቀቡት ፀሐይ ላይ ሲወጡ ብቻ የሚታይ ቀላ ያለ ጸዳል ይሰጣል። ከጎኑ ያለው ሽበት ግን ቀለሙን የሚያደበዝዝ ጥቁረት ስለሌለው እዚያው ሮዝ ወይም ብርቱካናማ ሆኖ ይወጣል። ሊደብቁት የፈለጉት ፀጉር ከሁሉ በላይ የሚታየው ይሆናል። ቡናማ ሴሚ ቢመርጡም ሽበቱን ቀለም ቢጤ ይነካዋል እንጂ አይሸፍነውም፤ በጥቂት እጥበት ውስጥም ይመለሳል።

ፐርማነንት ከሁለት ነገር ይዘጋጃል፤ ከቀለሙ ክሬምና ዴቨሎፐር ከሚባለው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ካለበት ነጭ ክሬም። አሞንያው ወይም የአሞንያው ምትክ ሽፋኑን ያሳብጥና ይከፍተዋል። ፐርኦክሳይዱ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ የተፈጥሮ ጥቁረቱን በከፊል ያነጣል፣ በቅንጣት የገባውን ቀለም እዚያው ውስጥ እርስ በርሱ አያይዞ መውጣት እንዳይችል አድርጎ ያሳድገዋል። ለዚህ ነው ሽበትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው፤ ለዚህም ነው ታጥቦ የማይወጣው። የተቀባው ፀጉር የሚሄደው ሲቆረጥ ነው።

ጥቁር ፀጉር ላይ ያለውን ወጥመድ እዚህ ላይ ቆም ብለው ይዩት። የቀለም ቁጥሮች ከ1 ጥቁር ተነሥተው እስከ 10 በጣም ፈካ ያለ ድረስ ይሄዳሉ። የአብዛኞቻችን ፀጉር ከ1 እስከ 3 ባለው ውስጥ ነው። የተለመደው ፐርማነንት 6 በመቶ ዴቨሎፐር አለው፤ ጠርሙሱ ላይ 20 ቮልዩም ተብሎ ይጻፋል። ይህ ፀጉርን አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ያፈካል። እርስዎ ካርቶኑ ላይ ያለችውን የቁጥር 6 ቸኮሌት ሴት አይተው ቢገዙ ቀለሙ እስከ 6 አያደርስዎትም። 3 እና 4 አካባቢ ይቆማል፤ ጥቁር ፀጉር ሲፈካ መጀመሪያ ከሥሩ ብቅ የሚለው ቀይ ስለሆነም ያልጠየቁት ቀይ ቡናማ ይሆናል። ይህም ፀጉሩ ላይ አንድ ወጥ ሆኖ አይወጣም። ከራስ ቅል ጀምሮ ያለው አንድ ወይም አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር የቆዳ ሙቀት ስላለው ፈጥኖ ይፈካል። ውጤቱ ሥሩ ቀላ፣ መሐሉ ጥቁር፣ ሽበት የነበረው ቦታ ደግሞ ደማቅ የሆነ ሦስት መልክ ነው። ከዚያም በወር እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ጥቁር ሥር እያደገ ሲመጣ ድንበሩ ጎልቶ ይታያል። አንዴ ወደ ቀይ የሄደውን ፀጉር በሌላ ፈካ ባለ ቀለም ማስተካከል አይቻልም፤ ቀለም ቀለምን አያፈካም። እኛ ጀማሪን ከፐርማነንት የምንከለክለው ከባድ ኬሚካል ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ስሕተቱ መመለሻ ስለሌለው ነው።

አሁን ወደ ሻጩ ቃል እንምጣ። «አሞንያ የለውም» ማለትና «ታጥቦ ይለቃል» ማለት አይገናኙም። ብዙ ፐርማነንት ቀለሞች አሞንያውን ኤታኖላሚን በሚባል ሽታው ቀለል ባለ ነገር ተክተው «ከአሞንያ ነፃ» ብለው ይሸጣሉ። ሥራው ያው ነው፤ ቀለሙም አይለቅም። ስለዚህ ካርቶኑን ገልብጠው ሦስት ነገር ይፈልጉ። ሁለተኛ ጠርሙስ ከሌለውና ዱቄትም ካልሆነ ሴሚ ነው። ሁለተኛ ጠርሙስ ካለው ዴቨሎፐሩ ስንት በመቶ እንደሆነ ያንብቡ፤ ከ2 እስከ 4 ከሆነ በአብዛኛው ዴሚ ነው፣ 6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፐርማነንት ነው። ሦስተኛው ስንት እጥበት ይቆያል የሚለው ነው፤ ዴሚዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 28 እጥበት ብለው ይጽፋሉ፣ ፐርማነንት ላይ ይህ ቁጥር አይኖርም።

የጓደኛዎ ዱቄትም እንደዚሁ ስሙ ያሳስታል። በውኃ ስለሚበጠበጥና ስለማይሸት የዋህ ይመስላል እንጂ ፐርማነንት ነው። ፐርኦክሳይዱ በደረቅ መልክ ከቀለሙ ጋር ተደባልቆ ገብቷል፤ ውኃ ሲነካው ሥራውን ይጀምራል። ከሁሉም የሚያሳስበን አለርጂው ነው። ጥቁርና ጥቁር ቡናማ ዱቄቶች ብዙውን ጊዜ ፓራፌኒሊንዳያሚን፣ ባጭሩ ፒፒዲ የሚባለውን ወይም የቅርብ ዘመዱን ይይዛሉ። «ውኃ ነው» ተብሎ የቆዳ ሙከራ ሳይደረግ የሚቀባውም ይኸው ነው። በዱቄት የተቀባ ፀጉር ጥቁር ሆኖ ስለሚቀርም ወደፊት ቸኮሌት ላድርገው ቢሉ መንገዱ ይዘጋብዎታል።

ዴሚ የሚሠራው በፐርማነንት መንገድ ነው፤ ኃይሉ ግን ትንሽ ነው። ሽፋኑን በጥቂቱ ብቻ ይከፍታል፣ ቀለሙን በከፊል ያሳድጋል፣ የተፈጥሮ ጥቁረቱን ብዙም አይነካም። ሽበቱ ከግማሽ በታች የሆነን ፀጉር በደንብ ያለዝበዋል፤ ሽበት የነበረው ከጥቁሩ ጥቂት የፈካ ቡናማ ሆኖ በመካከሉ ይጠፋል። ሲለቅም ድንበር ሳይሠራ እየደበዘዘ ይሄዳል። አንድ ነገር ግን አንዋሽዎትም፦ ሪላክሰር የነካው ፀጉር ሽፋኑ የሳሳ ስለሆነ ዴሚ ውስጡ ገብቶ ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል። ጠርዝ ላይ ብቻ ይቀቡ ያልንዎት አንድም ለዚህ ነው። ደግሞም ቁጥር 3 ጥቁር ፀጉር ላይ የሚያመጣው ለውጥ ለዓይን የማይታይ ስለሆነ ሽበት የሌለበትን ማጅራትና ጫፍ መቀባት ቀለም ከማባከንና ፀጉር ከማድከም በቀር ትርፍ የለውም።

ሲገዙ ቁጥሩ 3 ወይም 3.0 ብቻ ይሁን። ከነጥቡ በኋላ 4፣ 5 ወይም 6 ያለበት፣ ለምሳሌ 3.6፣ በአብዛኞቹ ፋብሪካዎች ቁጥር አሰጣጥ ወደ መዳብ፣ ወደ ማሆጋኒ ወይም ወደ ቀይ የሚያደላ ነው፤ ሽበት ላይ የሚሆነውን ከላይ አይተዋል። ቁጥር 1ን ደግሞ ይተዉት። የጠርዝ ፀጉር ላይ ጥቁር ቀለም ፊትን የሚያጠቁር ክፈፍ ይሠራል፤ ከመረጡትም በላይ ጠቁሮ ቢወጣ በቀላሉ አይቀልም።

ለሦስቱ ሳምንት ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ሪላክሰር ለሠርጉ መታደስ ካለበት በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ይቀቡት፤ ያደገው ሥር ላይ ብቻ። ከቀለሙ በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ማለፍ አለበት። ቀለም ቀድሞ ሪላክሰር ከተከተለ ቀለሙን ያወጣዋል፣ ፀጉሩም ይበጣጠሳል። ሪላክሰሩ የራስ ቅልዎን ካቃጠለው ቁስሉ ደርቆ እስኪሽር ድረስ ቀለም አይንኩ። በሠርጉ ሳምንት ማክሰኞ ሙከራዎቹን ያድርጉ፣ ሐሙስ ይቀቡ። ከሐሙስ እስከ እሑድ ያለው ጊዜ ቆዳ ላይ የቀረ ምልክት የሚለቅበት ነው።

ማክሰኞ የሚያደርጉት ሙከራ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የቆዳ ነው፤ ይህን የማይዘሉት ግዴታ አድርገው ይያዙት። መመሪያ ወረቀቱ በሚለው መሠረት ትንሽ ቀለም ከጆሮ ጀርባ ወይም ክርንዎ መታጠፊያ ላይ ቀብተው 48 ሰዓት ይጠብቁ። መቅላት፣ ማሳከክ፣ ማበጥ ወይም ውኃ መቋጠር ካዩ ያን ቀለም አይቀቡም። ቀድሞ ለሠርግ ወይም ለበዓል እጅዎን «ጥቁር ሂና» ተስለው ቆዳዎ ተቆጥቶ ከነበረ ሙከራውንም አይጀምሩት። ንጹሕ ሂና የሚሰጠው ብርቱካናማና ቡናማ ነው፤ ጥቁር ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የተጨመረበት ነው። እሱ ቆዳዎን አንዴ ካስቆጣው ዴሚም፣ ፐርማነንትም፣ ዱቄቱም የባሰ ነገር ሊያስነሡብዎት ስለሚችሉ የቆዳ ሐኪም ሳያዩ አይሞክሩ። ጥንቃቄው ለሙሽራዋም ስለሚሆን ለእህትዎ ይንገሩልን፤ በሠርጉ ሂና የምትቀባ ከሆነ የምትቀባው ጥቁሩን አይሁን።

ሁለተኛው ሙከራ የፀጉር ነው። ከጆሮዎ በላይ ሽበት ካለበት አንድ ቀጭን ዘለላ ለይተው 2 ግራም ቀለም በ4 ግራም ዴቨሎፐር ይበጥብጡና ይቀቡት። በ10፣ በ15 እና በ20 ደቂቃ ላይ በእርጥብ ጥጥ ጠረግ እያደረጉ ይዩት። ሽበቱ በ15 ደቂቃ የፈለጉትን ከመሰለ የሐሙሱ ሰዓትዎ 15 ደቂቃ ነው። በ20 ደቂቃም ገና ነጭ ከሆነ መመሪያው የፈቀደው የመጨረሻ ደቂቃ ድረስ ይጠብቁ፤ ከዚያ አይለፉ።

ሐሙስ ዕለት የሚያስፈልግዎት የፕላስቲክ ሳህን፣ ብሩሽ፣ ጓንት፣ ባለጭራ ማበጠሪያ፣ ቫዝሊን፣ የወጥ ቤት ሚዛንና የማያሳሳ ልብስ ነው። የብረት ሳህን አይጠቀሙ፤ ብረት ፐርኦክሳይዱን ከጊዜው በፊት ሊያፈራርሰው ይችላል። ዴሚዎች ላይ በብዛት የሚገኘው ልክ አንድ እጅ ቀለም ለሁለት እጅ ዴቨሎፐር ነው፤ ለጠርዝ ብቻ 20 ግራም ቀለምና 40 ግራም ዴቨሎፐር ይበቃዎታል። የገዙት ወረቀት ሌላ ልክ ካዘዘ የወረቀቱን ይከተሉ። በዓይን ግምት አይበጥብጡ፤ ዴቨሎፐሩ ሲበዛ ቀለሙ ይሳሳል፣ ይንጠባጠባል፣ ሽበቱም አይያዝም። ሲያንስ ደግሞ ቀለሙ ሳያድግ ይቀራል። የተረፈውን ቱቦና ጠርሙስ ለየብቻ ከድነው ማቆየት ይችላሉ፤ የተቀላቀለውን ግን ዘግተው አያስቀምጡ፤ ጋዝ እያመነጨ ዕቃውን ሊያፈነዳው ይችላል።

ግንባርዎንና የጆሮዎን ጫፍ ቫዝሊን ይቀቡ፤ ቫዝሊኑ ፀጉሩን ከነካው ቀለሙ እዚያ ቦታ አይይዝም። ፀጉሩን በማበጠሪያው ጭራ ግማሽ ሴንቲ ሜትር በሚሆን ስስ ረድፍ እየከፈሉ፣ ሽበት ከበዛበት ቦታ ጀምረው ይቀቡ። ሽበት ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነ ቀለሙ ላዩ ላይ ወፈር ብሎ መቀመጥ አለበት። በብሩሽ ደጋግመው ካሹት ቀለሙን ያነሡታል እንጂ አያስገቡትም። ሰዓቱን መቁጠር የሚጀምሩት የመጨረሻውን ረድፍ ቀብተው ሲጨርሱ ነው። ቀለሙ ሳህኑና ራስዎ ላይ እያለ ጥቁር እየሆነ ቢሄድ አይደንግጡ፤ አየር ነክቶት ነው፣ ፀጉርዎ ውስጥ ያለው መልክ ያ አይደለም። ሲያበቃ መጀመሪያ ጥቂት ለብ ያለ ውኃ ጨምረው ጠርዙን በጣትዎ ለአንድ ደቂቃ ያሹት፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀውን ቀለም የሚያነሣው ራሱ ቀለሙ ነው። ከዚያ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ይታጠቡና ኮንዲሽነር ይቀቡ። ቀለሙን ለቅንድብና ለሽፋሽፍት በፍጹም አይጠቀሙበት።

ቀለሙ ራስዎ ላይ እያለ ቀላል ሙቀት ሊሰማዎት ይችላል። ማቃጠል ወይም ጠንካራ ማሳከክ ከሆነ ግን ደቂቃው አልሞላም ብለው አይጠብቁ፤ ወዲያው ይታጠቡ። የዓይን ቆብ ወይም ፊት ማበጥ ከጀመረ ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ እብጠቱ በማግሥቱም ሆነ ከዚያ በኋላ ሊመጣ ይችላል። ትንፋሽ ካጠረዎት ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሽበቱ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ከቀረ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙ ስስ ሆኖ መቀባቱ ወይም ፀጉሩ ላይ ዘይት መኖሩ ነው። ከሠርጉ በፊት እንደገና አይቀቡት፤ እሑድ ማለዳ በማስካራ መሰሉ ጊዜያዊ ቀለም ነካ ነካ ያድርጉት። ጠቁሮ ከወጣ በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት እጥበት ጠንከር ያለ ሻምፑ ይቀንስለታል። ፈካ ያለ ቀለም ከላዩ አይድፉበት።

ቸኮሌቱን በተመለከተ፣ ፀጉርን አፍክቶ ቀዩን በተቃራኒ መልክ ማብረድ ስለሚጠይቅ ሪላክሰር ያለበት ፀጉር ላይ ባለሙያ ይሥራው። ሄደው ሲያሠሩ ዴሚ ቁጥር 3 ጠርዙ ላይ እንደቀቡና መቼ እንደቀቡት ይንገሩ። ዴሚውን በየስድስት ወይም በየስምንት ሳምንቱ ማደስ ይችላሉ፤ ሪላክሰር በሚቀቡበት ወቅት ሁልጊዜ ሪላክሰሩ ይቅደም፣ ሁለት ሳምንት ይለፍ። የቆዳ ሙከራውም በየእድሳቱ ይደገም፤ አለርጂ ብዙ ጊዜ በሰላም ከተቀቡት በኋላም ይነሣል። ጠርዝዎ ላይ ያለው ሽበት ከግማሽ ሲያልፍ ዴሚው እየሳሳ መታየት ይጀምራል። ያን ጊዜ 6 በመቶ ዴቨሎፐር ያለውን ፐርማነንት በዚያው ቁጥር 3 ገዝተው አዲስ የበቀለው ሥር ላይ ብቻ መቀባት ነው።